ለቬትናም አያቶች የቴት ካርድ፦ ጤና ሲመኙላቸው ምን ተብሎ ይጻፋል?

ጥያቄ፦ «ሰላም እህቶች። ባለቤቴ ቬትናማዊ ነው። ልጄ 9 ዓመቷ ነው፣ የተወለደችው እዚሁ አሜሪካ ነው። ካን ቶ ለሚኖሩት የአባቷ ወላጆች ለአዲስ ዓመታቸው ለቴት በራሳቸው ቋንቋ ካርድ መጻፍ ፈልጋለች። ሴት አያቷን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ጤና ልትመኝላቸው ነው። ባለቤቴ ይናገራል እንጂ መጻፍ ላይ ብዙም አይደለም። ምን ብላ ትጻፍ?»

መልስ፦ እህቴ፣ የኔም ባለቤት ቬትናማዊ ነው። ወላጆቹ ያሉት ሰሜን፣ ሃይ ፎንግ ነው። ልጄ በየዓመቱ ካርድ ይልክላቸዋል። የመጀመሪያው ካርዳችን ግን ጥሩ አልነበረም። ከሱ ብጀምርልሽ ይሻላል።

ጊዜው 2023 ነበር። ባለቤቴ ሥራ ይበዛበት ስለነበር እኔው መዝገበ ቃላት ገልጬ «እኔ» እና «አንተ» የሚሉትን ቃላት አወጣሁ። «ቶይ» እና «ባን» ይላል። ልጄም በደንብ አድርጎ ጻፈው። ካርዱ ሲደርስ አማቴ ደውለው ባለቤቴን «ይሄ ከማን ነው የመጣው?» አሉት። «ባን» ጓደኛ ማለት ነው ለካ። የልጅ ልጃቸው አያቶቹን እንደ እኩያው ነበር የጠራቸው። እኛ ዘንድ ልጅ ተነስቶ አያቱን «አንተ» ቢል ማለት ነው፤ እንዲያውም ከዚያ ይብሳል።

ቬትናምኛ ውስጥ ለቤተሰብ «እኔ» እና «እርስዎ» የሚሉትን ቃላት አይጠቀሙም። በቦታቸው የሚገባው ዝምድናው ነው። አያቶቹ «ኦንግ ባ» ይባላሉ፣ ወንድ አያትና ሴት አያት ማለት ነው። ልጅቷም ስለ ራሷ ስትናገር በዝምድና ቃል ነው። እኛስ «አባባ ይብሉ» እንል የለ? እንደዚያ ነው፣ ልዩነቱ እነሱ ራሳቸውንም እንዲሁ መጥራታቸው ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ሰሜንና ደቡብ ይለያያሉ። የኔ ልጅ የሰሜን ስለሆነ ራሱን «ቻው» ይላል፣ የልጅ ልጅ ማለት ነው። የአንቺዎቹ ካን ቶ ናቸው፣ ደቡብ። እዚያ ልጆች ለአያቶቻቸውም «ኮን» ነው የሚሉት፣ ልጅ ማለት ነው። ልጅሽ «ኮን» ትበል። የአባት ወላጆች ስለሆኑ ደግሞ «ኖይ» የሚለው ይጨመራል። የእናት ወገን ቢሆኑ «ንጓይ» ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ጤናው ልምጣ። እዚህ ላይም ተሳስቻለሁ። ያኔ አማቴን ወገባቸውን ያማቸው ነበር። እኔ እንደ ሀገሬ ልማድ «ከወገብ ሕመምዎ ይማርዎ» የሚል ነገር አስጻፍኩ። ለኛ ይሄ ፍቅር ነው። በቴት ግን የበሽታ ስም አይነሳም። በእነዚያ ቀናት የተባለው ነገር ለዓመቱ ይተርፋል ብለው ስለሚያምኑ ከመጥፎ ቃል ይጠነቀቃሉ። አማቴ ክፉ አልተናገሩኝም። ካርዱን ግን እንግዳ የሚያየው ቦታ ላይ አላደረጉትም። ባለቤቴ ኋላ ላይ ሲያስረዳኝ ነው የገባኝ። ስለዚህ ጉልበታቸውን ተዪው። ምኞቱ ከሕመም መዳን ሳይሆን ጤና መትረፍረፍ ነው፣ የተለመደውም አባባል እሱ ነው። ስለ ጉልበታቸው በዓሉ ካለፈ በኋላ በስልክ ትጠይቃቸው።

ለልጅሽ የሚሆነው ይሄ ነው፦

```
Ông bà nội kính yêu,

Năm mới, con kính chúc ông bà
dồi dào sức khỏe, ăn ngon, ngủ yên,
sống lâu trăm tuổi.

Con nhớ ông bà nhiều lắm.

Cháu nội của ông bà,
```

ትርጉሙ እንዲህ ነው፦ «የተከበራችሁና የምወዳችሁ አያቶቼ። በአዲሱ ዓመት ጤና እንዲትረፈረፍላችሁ፣ ምግብ እንዲጣፍጣችሁ፣ እንቅልፋችሁ ሰላም እንዲሆን፣ መቶ ዓመት እንድትኖሩ በአክብሮት እመኛለሁ። በጣም ናፍቃችሁኛል። የልጅ ልጃችሁ»። ከዚያ ስሟን ትጻፍ። ምግብና እንቅልፍ የሚለውን ዝም ብዬ አልጨመርኩትም። ሽማግሌ ጤነኛ መሆኑ የሚታወቀው በሱ ስለሆነ ይወዱታል።

አንድ ነገር አደራ። ቦታ ጠቦ ልጅቷ ልታሳጥር ብትል፣ የመጨረሻውን ምኞት አትቁረጥ። «ሶንግ ለው» ማለት ረጅም መኖር ነው፣ «ትራም ቱኦይ» ደግሞ መቶ ዓመት። «መቶ ዓመት» የሚለው ብቻውን ሲቀር ግን ሰው ማረፉን በጨዋ አነጋገር የሚናገሩበት ቃል ነው። ሁለቱ አንድ ላይ መሄድ አለባቸው። ቦታ ካነሰ «ናፍቃችሁኛል» የሚለውን መስመር በስልክ ትንገራቸው።

ቀጥሎ ምልክቶቹ። ይሄ ነው ብዙ ሰው የሚያቃልለው። ከፊደሉ በላይና በታች ያሉት ጭረቶች ጌጥ አይደሉም። የኛን ፊደል አስቢው፤ «ለ» ጎን ላይ ጭረት ብትጨምሪ «ሉ» ይሆናል። እነሱ ጋ ደግሞ የድምፁ መውጣትና መውረድም ይጻፋል። «ባ» ወደ ታች የወረደ ጭረት ሲኖራት ሴት አያት ናት። ያለ ጭረት ከተጻፈች ሦስት ማለት ነው፣ በደቡብ ደግሞ አባትም ማለት ነው። እርግጥ ሰው በስልክ ያለ ምልክት ይጽፋል፣ አንባቢም ይገባዋል፤ እኛም «ገና» የሚለውን ጠብቆ ይሁን ላልቶ ከዐረፍተ ነገሩ እንደምናውቀው። ለአያት በሚላክ ካርድ ላይ ግን የልጁ ጥንቃቄ የሚታየው እዚያ ነው።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ስልኬ ላይ የቬትናምኛ ኪቦርድ ጨምሬያለሁ፣ ቴሌክስ የሚባለውን። በተራ የላቲን ፊደል ትጽፊያለሽ፣ ምልክቱን ራሱ ያስቀምጠዋል። ለምሳሌ «ኦንግ ባ» እና «ጤና» እንዲህ ይጻፋሉ፦

```
oong baf     → ông bà
suwcs khoer  → sức khỏe
```

ጽሑፉን በትልቁ አትሚውና ልጅቷ በእርሳስ ትገልብጠው። መጀመሪያ ሙሉውን ቃል ትጽፋለች፣ ከዚያ ተመልሳ ምልክቶቹን ታስቀምጣለች። ሲያልቅ አባቷ ጮክ ብሎ ያንብበው። መጻፍ ባይችልም ጆሮው ያውቃል። የሚያደናቅፈው ቃል ካለ አንድ ምልክት ተሳስቷል ማለት ነው። የኔ ልጅ አንዴ «እመኛለሁ» የሚለው ላይ ከላይ ጭረት በማድረግ ፈንታ ከታች ነጥብ አድርጎበት «አሥር አሥር» የሚሉበት ቃል ሆኖ ነበር፤ ባለቤቴ ሲያነበው ነው የያዝነው።

ስለ ካርዱ ብዙ አልልም። ቀይ ወይም ቢጫ ይሁን፤ ነጭ የሐዘን ቀለም ስለሆነ ነጭ ፖስታም አትጠቀሙ። ለደቡብ ሰው ቢጫው የማይ አበባ ነው የሚያምርበት፣ ሰሜኖቹ ሮዙን የኮክ አበባ ይወዳሉ። እንስሳ ካለበት እዪው። የ2023ቱን ካርዳችንን የገዛነው ከቻይና ዕቃ መደብር ነበርና ጥንቸል ነበረበት። ቬትናም ውስጥ ያ ዓመት የድመት ነው። የ2027ቱ የፍየል ነው፤ የበግ ሥዕል ካየሽ ተዪው። እዚህ ቨርጂኒያ ከሆንሽ ፎልስ ቸርች ያለው ኢደን ሴንተር ሂጂ፣ በቬትናምኛ የተጻፈ ታገኛለሽ።

የ2027 ቴት ፌብሩዋሪ 6 ነው። ካርዱ ከሱ አንድ ሳምንት ቀድሞ እጃቸው ቢገባ ጥሩ ነው፤ ያኔ ቤቱን እያጸዱና እያስጌጡ ስለሚሆን ቦታ ይሰጡታል። እኔ ገና ሳይደርስ፣ ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ነው ፖስታ ቤት የማስገባው። ልጅቷ ደግሞ ምኞቱን በቃሏ ትያዘው፣ ደውላ ትልላቸዋለች። «ጤና ይትረፍረፍ» የሚለውን የኔ ልጅ «ዞይ ዛው» ይለዋል፣ በደቡብ ግን «ዮይ ያው» ነው። አባቷ እንዳስለመዳት ትበል። እዚያ እኩለ ሌሊት ሆኖ ዓመቱ ሲገባ፣ እኛ ምሥራቅ ዳርቻ ያለነው ገና ፌብሩዋሪ 5 እኩለ ቀን ላይ ነን። ዓርብ ስለሚውል ልጅቷ ትምህርት ቤት ትሆናለች። ማታ ወደ 2 ሰዓት ከምሽቱ ደውሉ፣ እዚያ የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ነው፣ አያቶችም ለብሰው ተቀምጠው የልጆችን ምኞት የሚቀበሉበት ሰዓት ነው።