ለአራት የተከፋፈለ ማኑዋል አንድ ቋንቋ እንዲናገር

«ሰላም ለዚህ ቤት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚሠለጥኑበትን ማኑዋል ለአራት ተካፍለን ወደ አማርኛ እየመለስን ነው። ሙዳየ ቃላት ጉግል ሺት ላይ ከፍተን ሦስት መቶ ቃል ደርሷል፤ ግን የሚያየው የለም፣ ምዕራፎቹም ሲገናኙ አይገጥሙም። የሠራችሁበት ካላችሁ እንዴት አደረጋችሁት?»

ሦስት መቶ ስለሆነ ነው የማይታየው። ክትባት፣ ጡት ማጥባት፣ ትኩሳት የሚሉትን ማንም ስለማይለያይባቸው ዛሬውኑ አውጧቸው። እዚህ ጎንደር ከደምቢያ፣ ከወገራና ከጭልጋ ለሚመጡ ሠልጣኞች የሕፃናት ምግብ እጥረት ማኑዋል ስንመልስ አንድ ቃል ሰንጠረዡ ውስጥ የሚገባው ሁለት ነገር ሲያሟላ ብቻ ነበር። ከአንድ በላይ ምዕራፍ ውስጥ መኖር አለበት፤ ደግሞም አንዱ እንዲህ ሌላው እንዲያ ቢለው ሠልጣኟ የምትሠራው ሥራ የሚለወጥ መሆን አለበት። በዚህ ሲጣራ ዝርዝሩ አንድ ገጽ ላይ ታትሞ ኪቦርድ አጠገብ የሚቀመጥ ያህል ሆነ። የታተመውን ሰው ያየዋል።

ሁለተኛው መመዘኛ ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ጉዳይ ላሳያችሁ። እንግሊዝኛው ‹አኪዩት ማልኒውትሪሽን› የሚል ጠቅላላ ስም ይሰጥና ‹ሲቪር› እና ‹ሞደሬት› ብሎ ለሁለት ይከፍለዋል። ዕድሜው ከ6 እስከ 59 ወር የሆነ ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ልኬት ከ11.5 ሴ.ሜ. በታች ከሆነ፣ ወይም ሁለቱ እግሮቹ ላይ በአውራ ጣት ሲጫኑት ሰርጉዶ የሚቀር እብጠት ካለው፣ ሲቪር ይባላል። ከ11.5 ጀምሮ 12.5 ካልሞላ ሞደሬት ነው። እስከዚህ ግልጽ ነው።

አንደኛው ተርጓሚ ቃል በቃል ሄዶ «ከባድ አጣዳፊ የምግብ እጥረት» አለ። ሁለተኛዋ አጣዳፊ የሚለውን ትርፍ ቆጥራ «ከፍተኛ የምግብ እጥረት» አለች። ሦስተኛው ደግሞ አጣዳፊ ካልን ከባድነቱ በራሱ ይሰማል ብሎ ሲቪሩን ብቻውን «አጣዳፊ የምግብ እጥረት» አደረገው። እያንዳንዱ ምዕራፍ ለብቻው ሲነበብ አንድም እንከን የለው። ሲገጣጠም ግን ጉዱ ወጣ። ምዕራፍ አንድ ላይ አጣዳፊ ማለት ሁለቱንም ደረጃ የሚይዝ መሆኑን የተማረች ሠልጣኝ፣ የሕክምናው ምዕራፍ «አጣዳፊ የምግብ እጥረት ያለበት ሕፃን ፕላምፒ ናት ይጀመርለታል» ሲላት ክንዱ 12 ሴ.ሜ. የሆነውንም ሕፃን ለከባዱ በተመደበው ሕክምና ልታስገባው ነው። ከባድ እና ከፍተኛ ከሚሉት የትኛው እንደሚበልጥ የሚጠይቅም አይጠፋም፤ ሰው ሁለት ስም ሲያይ ሁለት ነገር ይፈልጋል።

ይህን በክርክር ለመፍታት አትሞክሩ፤ አማርኛ ላይ ሁላችንም ሊቅ ነን፣ እስከ ማታ ትቀመጣላችሁ። ሠልጣኟ በየቀኑ የምትሞላውን መዝገብና ካርድ ጠረጴዛው ላይ አምጡና እዚያ ያለውን ስም ውሰዱ። ቃሉ ቢያምርም ባያምርም ሥራው ላይ የምታገኘው እሱን ነው። መዝገቡ ላይ ከሌለ ነባር ባለሙያዎች እርስ በርስ ሲያወሩ የሚሉትን ጠይቁ፤ መዝገበ ቃላት መጨረሻ ነው የሚመጣው። እኛ ጠቅላላውን «አጣዳፊ የምግብ እጥረት»፣ ከሥሩ ያሉትን «ከባድ» እና «መካከለኛ» ብለን ዘጋነው። ሁለቱንም ደረጃ ለማለት ካልሆነ በቀር አጣዳፊ የሚለው ያለ ደረጃው ብቻውን እንዳይጻፍም አብረን ደነገግን።

ሰንጠረዡ ላይ እንግዲህ የእንግሊዝኛው ቃል፣ የተመረጠው አማርኛ፣ አጭር ፍቺና አንድ ምሳሌ ዓረፍተ ነገር ይኖራሉ። ፍቺው የሚለካ ነገር ካለ ቁጥሩን ይያዝ፤ «ከባድ፦ ከ11.5 ሴ.ሜ. በታች ወይም የሁለት እግር እብጠት» የሚለው ሁሉንም ጭቅጭቅ ይዘጋል። ብዙ ሰው የሚዘለው ግን «አይጻፍም» የሚለውን ዓምድ ነው። እዚያ «ከፍተኛ፣ አስከፊ፣ የከፋ» ብላችሁ የተጣሉትን ካልዘረዘራችሁ፣ ተርጓሚው እጁ የለመደውን ይጽፋል፤ አራሚውም ምን እንደሚፈልግ አያውቅም። ይህ ዓምድ የአራሚው የፍለጋ ዝርዝር ነው።

ሰንጠረዡ ሲያልቅ ደግሞ በአማርኛው ዓምድ ፊደል ቅደም ተከተል አስይዙትና ከላይ እስከ ታች እዩት። ያኔ ተቃራኒው ችግር ይገለጣል፦ አንድ አማርኛ ለሁለት እንግሊዝኛ። ለእኛ «ክትትል» ነበር። ሕፃኑን በየቀጠሮው ማየትም ክትትል፣ የሥራውን አፈጻጸም መከታተልም ክትትል፣ ከጤና ጣቢያ መጥቶ ማገዝም ክትትል። «ክትትሉን በቅጹ ላይ መዝግቢ» ሲባል የትኛውን? መጀመሪያውን «የሕፃኑ ክትትል»፣ ሁለተኛውን «የአፈጻጸም ክትትል»፣ ሦስተኛውን «ድጋፋዊ ጉብኝት» ብለን ለየናቸው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው የፊደል ጉዳይ ነው። ሕፃን፣ ህፃን፣ ሕጻን፣ ህጻን ለዓይን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንዱን ፈልጋችሁ «የለም» ሲላችሁ ጨርሰናል እንዳትሉ። ጉግል ዶክስ ላይ የመፈለጊያና መተኪያውን መስኮት ከፍታችሁ `Use regular expressions` የሚለውን ምልክት አድርጉና ይህን አስገቡ፦

```
[ህሕኅ][ፃጻ]
```

ሦስተኛውን ፊደል ሆን ብዬ ነው የተውኩት፤ ሕፃኑንም፣ ሕፃናትንም፣ ለሕፃናቱንም አብሮ ያወጣል። በአማርኛ ቅጥያው መጨረሻውን፣ አንዳንዴ መሐሉንም ስለሚለውጠው የማይለወጠውን ክፍል ብቻ መፈለግ ይሻላል። «ሁሉንም ተካ» የሚለውን ግን በቃላት ላይ እንዳትነኩት። «ልየታ» መባል የነበረበትን አንዱ ምዕራፍ «ምርመራ» ብሎት ነበር። በአንድ ጊዜ ቢተካ ኖሮ «የላቦራቶሪ ልየታ» የሚል ነገር ይወለድ ነበር። አንድ በአንድ እያዩ መተካት ነው፤ አሰልቺ ቢሆንም።

አሠራሩን በተመለከተ፣ ሰንጠረዡ ላይ የሚጽፍ አንድ ሰው ይሁን፤ ሌሎቹ አስተያየት ብቻ ያስቀምጡ። አዲስ ቃል የገጠመው ሰው ሥራውን አያቁም፤ ለጊዜው የመሰለውን ጽፎ በቢጫ ያቅልም፣ የሰንጠረዡ ባለቤት ቀኑ ሳይመሽ ይወስን። የተወሰነ ቃል በኋላ ከተለወጠ ቀኑና የተነኩት ምዕራፎች ይጻፉ፤ አለበለዚያ ያለቁት ምዕራፎች በአሮጌው ቃል ይቀራሉ። እናንተ አሁን መሐል ላይ ስለሆናችሁ ትርጉሙን ለአንድ ሁለት ቀን አቁሙና ከአራቱም ምዕራፍ የሕክምና መመሪያ ያለባቸውን ገጾች ብቻ ጎን ለጎን አድርጋችሁ፣ ከተርጓሚዎቹ ውጪ የሆነ አንድ ነባር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጮክ ብሎ እንዲያነብላችሁ አድርጉ። እሱ የቆመበትን ወይም «ይሄ ያኛው ነው?» ብሎ የጠየቀበትን ቃል ጻፉ፤ የሰንጠረዡ የመጀመሪያ ረድፎች እነሱ ናቸው።