ሲኤምቲው 3፣ ካልቸሩ ባዶ፤ የቱን እንመን?

«የላሜ ግት አላበጠም፣ ወተቷም ሲያዩት ደህና ነው። ሐኪሙ ሲኤምቲ በሚባለው የወተት ምርመራ ሲያያት ግን የኋላ ቀኝ ጡቷ 3 ወጣ። ናሙና ልከን ላቦራቶሪው ‹ምንም ባክቴሪያ አላደገም› አለን። የቱን ልመን? ለማንኛውም ብዬ ጡት ውስጥ የሚገባውን መድኃኒት ልስጣት?»

እህቴ፣ ሁለቱንም እመኚ። መድኃኒቱን ግን ለጊዜው ተይው። እኔም ቢሾፍቱ አካባቢ ላሞች ሳረባ ልክ እንዲህ ያለ ውጤት ገጥሞኝ ቸኩዬ ነበር፤ ዋጋ አስከፍሎኛል።

ሲኤምቲ ባክቴሪያ አይፈልግም። ሐምራዊው ፈሳሽ ሳሙና ነክ ነገር አለበት። ወተቱ ውስጥ ያሉትን ነጭ የደም ሴሎች ያፈርሳቸዋል፤ ከውስጣቸው የሚወጣው ዲኤንኤ ነው ወተቱን የሚያወፍረው። ስለዚህ 3 ማለት የላሚቱ ሰውነት እዚያ ጡት ውስጥ እየተዋጋ ነው ማለት ነው። ከማን ጋር እንደሚዋጋ አይነግርሽም። ካልቸር፣ ማለትም ላቦራቶሪው ከናሙናው ባክቴሪያ ለማሳደግ የሚሞክርበት ምርመራ፣ ደግሞ የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው፦ በዚያች ጠብታ ውስጥ በሕይወት ያለ ባክቴሪያ አለ ወይ?

መጀመሪያ ራስሽ ድገሚው። መጀመሪያ የሚወጣውን ጥቂት ወተት ድፊ። ከየጡቱ 2 ሚሊ ሊትር ያህል በሲኤምቲው ሰሃን አራት ጉድጓዶች ለየብቻ እለቢ፣ ሐምራዊውን ፈሳሽ እኩል ጨምሪ፣ 10 ሰከንድ ያህል ሰሃኑን አዙሪና ወዲያው እዪው። ጤነኛው እንደ ውሃ ይፈሳል። ትንሽ ወፈር ብሎ ስታዞሪው የሚጠፋ ከሆነ ትሬስ ነው። 3 ግን የተነከረ ተልባ ነው የሚመስለው፤ መሃል ላይ ተሰብስቦ ጉብ ይላል። አንዱ ብቻ ተልባ ሆኖ ሦስቱ ከፈሰሱ ነገሩ የበሽታ ነው። አራቱም አንድ ላይ ከወፈሩ ግን ላሚቱ ገና በወለደች በቀናት ውስጥ፣ ወይም ልትደርቅ የተቃረበች እንደሆነች ጠይቂ፤ ያኔ ያለ በሽታም ይወፍራል።

ካልቸሩ ለምን ባዶ ሆነ? አንደኛ፣ ላሚቱ ራሷ አሸንፋ ሊሆን ይችላል። ኢ. ኮላይ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ባክቴሪያው ቶሎ ይሞታል፣ ነጭ ሴሎቹ ግን ለሳምንታት ይቆያሉ። ሁለተኛ፣ ከናሙናው በፊት አንቲባዮቲክ ተሰጥቷት ከነበረ አያድግም። ሦስተኛውና እኔን ያታለለኝ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ነው። በጡቱ ሥጋ ውስጥ ይደበቅና አንድ ቀን ወተቱ ውስጥ ይወጣል፣ አንድ ቀን አይወጣም።

የኔዋ ሻሼ ሦስተኛ ወልዳ አራተኛ ወሯ ነበር። የኋላ ግራ ጡቷ 3፣ ካልቸሩ ባዶ። «ላቦራቶሪው ተሳስቶ ነው» ብዬ ሦስት ቀን መድኃኒት ከተትኩባት፤ ስንት ሊትር ወተት ተደፋ። ከወር በኋላም ያው 3 ነው። ሁለተኛ ናሙና ላክኩ፤ ሦስት ዓይነት ባክቴሪያ አደገ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ የላቦራቶሪው ባለሙያ ግን «ይሄ የጡት በሽታ ሳይሆን የናሙና ቆሻሻ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ግቷን አጥቤ ሳይደርቅ ነበር ያለብኩት፤ ውሃው ከቆዳዋ ላይ ወደ ጠርሙሱ ወርዷል።

ሦስተኛውን ናሙና በደንብ ወሰድኩት። ጡቱን አደረቅኩ፣ ጫፉን በ70 ከመቶ አልኮል ጥጡ ንጹሕ እስኪወጣ ድረስ ጠረግኩ፣ መጀመሪያ የወጣውን ወተት ደፋሁ፣ ጠርሙሱን አግድም ይዤ አፉ ጡቱን ሳይነካ አለብኩ፣ በበረዶ አድርጌ በዕለቱ አደረስኩ። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ብቻውን አደገ።

እስከዚያ ግን ከሷ ቀጥላ የምትታለበዋ ወጣት ላም የፊት ጡቷ 2 ሆነ፤ ባክቴሪያውም ያው። አላቢያችን አንድ ፎጣ ነበር ለሁሉም የሚጠቀመው። እስካሁን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ሁለቱንም መታለብ አቁመው ሲደርቁ ጡት ውስጥ የሚገባውን የድርቀት ጊዜ አንቲባዮቲክ ሰጠናቸው። ወጣቷ ዳነች፤ በሽታው ትኩስ ነበር። ሻሼ ከወለደች በአሥረኛው ቀን ሳያት አሁንም 2 ነበረች፣ ባክቴሪያውም አልለቀቃትም። ለሥጋ ሸጥኳት።

ስለዚህ ያንቺዋን ከዛሬ ጀምሮ መጨረሻ ላይ ትታለብ። ፎጣዋ የብቻዋ ይሁን፣ አላቢው ከሷ በኋላ እጁን ይታጠብ፣ ታልባ ስታበቃ ጡቶቿን አዮዲን ውስጥ አጥልቂ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲኤምቲውን ድገሚ። ወደ 1 ወይም ትሬስ ከወረደ አትንኪያት፣ እየዳነች ነው። 3 ላይ ከቆየ ከዚያው ጡት በጥቂት ቀናት ልዩነት ሁለት ናሙና ላኪ። የአራቱንም ጡት ወተት አንድ ላይ አትቀላቅዪ፤ የታመመው በጤነኞቹ ወተት ይቀጥንና ይደበቅብሻል። ናሙናው ከመወሰዱ በፊት ምንም አንቲባዮቲክ እንዳይሰጣት ለሐኪሙም ንገሪው።