ኢንተርኔቱ ተንቀራፈፈ ሲባል መጀመሪያ አድራሻውን እዩ

የቢሮ ኔትወርክ ሥራ ለጀመራችሁ ልጆች፣

«ኢንተርኔቱ ተንቀራፈፈ» የሚል አቤቱታ በመጣ ቁጥር ለኢንተርኔት አቅራቢው ለመደወል አትቸኩሉ። መስመሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ቢሮውን የሚያንገላታው ብዙ ጊዜ የአይፒ አድራሻ እደላ ነው። ምልክቱም ችግሩ ሁሉንም እኩል አለመንካቱ ነው። አንዱ ጠረጴዛ ላይ ይፈጥናል፣ አጠገቡ ይቆራረጣል፤ በጠዋት የገባው ይሠራል፣ ያረፈደው አድራሻ ሲጠብቅ ይቀራል።

ነገሩ በአብዛኛው የሚጀምረው ከትንሽ ፑል፣ ማለትም ለእደላ ከተመደቡ ጥቂት አድራሻዎች ነው። 35 ሠራተኛ ያለበትን ቢሮ እንውሰድ። እያንዳንዱ ላፕቶፕና ስልክ ይዟል፤ 70 ሆነ። 10 ፕሪንተርና ካሜራ ሲጨመር 80። በየቀኑ 15 አዳዲስ እንግዶች ዋይፋዩን ይጠቀማሉ። አድራሻ አዳዩ ዲኤችሲፒ ከ192.168.1.100 እስከ 192.168.1.199 ያድላል፤ 100 አድራሻ ማለት ነው። ለ95 መሣሪያ የሚበቃ ይመስላል፤ ነገር ግን የሊዙን ጊዜ፣ ማለትም አንድ አድራሻ ለአንድ መሣሪያ ተይዞ የሚቆይበትን ጊዜ እዩ። በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ካልተነካ 8 ቀን ነው። የሰኞ እንግዳ ወደ ቤቱ ቢሄድም አድራሻው በስሙ እንደተያዘ ይቆያል። ሰኞ 95 ተይዞ ያድራል፤ ማክሰኞ ስድስተኛው እንግዳ ሲመጣ ባዶ ነው። በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ካያችሁ ኮምፒውተሩ ከማንም መልስ አጥቶ ለራሱ የሰጠው ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፑሉን ከ192.168.1.50 እስከ 192.168.1.239 አስፉት፣ 190 ይሆናል፤ ሊዙን ወደ 8 ሰዓት አውርዱት። እንደኔ ከሁለቱ ዋናው ሊዙ ነው፤ እንግዳ እየተቀያየረ የሚገባበት ቢሮ ሊዙ ረጅም ከሆነ የሰፋውም ፑል ውሎ አድሮ ይሞላል።

ይህ ሳይደረግ ሲቀር ግን የከፋው ይመጣል። ዋይፋይ እምቢ ያለው ክፍል ትንሽ ራውተር ገዝቶ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ጋር ያገናኛል። ኬብሉ የገባው ራውተሩ WAN ቀዳዳ ላይ ከሆነ ብዙም አይጎዳ። LAN ቀዳዳ ላይ ከሆነ ግን ያ ራውተር ለቢሮው ሁሉ አድራሻ ማደል ይጀምራል፤ መውጫ በር ብሎ የሚሰጠውም ኢንተርኔት የሌለውን ራሱን ነው። አዲስ የገባ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የደረሰውን ምላሽ ይቀበላል። አድራሻ የያዘው ደግሞ የሊዙ ግማሽ ሲደርስ የሚያድሰው ከሰጠው ሰርቨር ጋር ነው። ስለዚህ ቢሮው በአንድ ጊዜ ሳይሆን አንድ በአንድ ይወድቃል፤ ጀማሪን የሚያደናግረውም ይህ ነው።

ችግር ያለበት ኮምፒውተር ላይ ይህን ጻፉ፦

```
ipconfig /all
```

`DHCP Server` እና `Default Gateway` የሚሉትን መስመሮች ደህና ከሚሠራ ኮምፒውተር ጋር አስተያዩ። ለምሳሌ 192.168.0.1 ካላችሁና የእናንተ 192.168.1.1 ከሆነ ባላንጣው ተገኘ ማለት ነው። ቦታውን ለማግኘት ከእሱ አድራሻ በተቀበለው ኮምፒውተር ላይ ይህን አስጀምሩ፦

```
ping -t 192.168.0.1
```

ከዚያ ስዊቹ ላይ ያሉትን ኬብሎች፣ የዚህን ኮምፒውተር ሳትነኩ፣ አንድ በአንድ ነቅላችሁ መልሱ። ምላሹ የተቋረጠበት ኬብል ወደ ራውተሩ ይወስዳችኋል።

ሁለቱም ራውተሮች 192.168.1.1 የሚሉ ከሆነ ነገሩ ይረቅቃል፤ የኮምፒውተሮቹ ትራፊክ አንዴ ወደ እውነተኛው፣ አንዴ ወደ ሌላው ይሄዳል። ሰው «ቀርፋፋ» የሚለው በተለይ ይህን ነው። ከሥራ ሰዓት ውጭ ዋናውን ራውተር ንቀሉና 192.168.1.1ን ፒንግ አድርጉ፤ አሁንም ከመለሰ ሌላ አለ።

ራውተሩን ቀምታችሁ ብቻ አትሂዱ፤ ያ ክፍል ዋይፋይ ያስፈልገዋል። ከቢሮው ኔትወርክ ነጥላችሁ በኬብል ከላፕቶፕ ጋር አገናኙት፣ ዲኤችሲፒውን አጥፉ፣ አድራሻውን ከፑሉ ውጭ ወዳለ ነፃ ቁጥር፣ ለምሳሌ 192.168.1.2 ለውጡ፣ ከዚያ በLAN ቀዳዳው መልሱት። ስዊቻችሁ ካልተፈቀደ ፖርት የሚመጣ የአድራሻ እደላን የሚያግደው `DHCP Snooping` ካለው አብሩት፤ የዲኤችሲፒ ሰርቨሩ ያለበትን ፖርት ብቻ `trust` አድርጉ።

የአድራሻ ግጭትም እዚሁ ይታያል። ፕሪንተር በእጅ 192.168.1.105 ተሰጥቶት ማታ ሲጠፋ፣ ሰርቨሩ ቁጥሩ ነፃ መስሎት ለስልክ ይሰጠዋል፤ ጠዋት ሁለቱ ይጋጫሉ፣ ሕትመቱ ይቆራረጣል። ፕሪንተሩን ነቅላችሁ አድራሻውን ፒንግ ስታደርጉ መልስ ካለ ቁጥሩን ሌላ ይዞታል። በእጅ የሚሰጡ አድራሻዎችን ከ192.168.1.3 እስከ 192.168.1.49 ባለው ውስጥ አድርጉና ዝርዝሩን ጽፋችሁ አስቀምጡ።

ሁሉንም ካስተካከላችሁ በኋላም የድሮውን አድራሻ የያዙ ኮምፒውተሮች ሊዙ እስኪያልቅ ይይዙታል። እነሱ ላይ ይህን አሠሩ፤ ስልኮች ላይ ዋይፋዩን አጥፍቶ ማብራት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

```
ipconfig /release
ipconfig /renew
```