ከመስመሩ በታች ያለው ስፋትና በዙሩ የታጠረው ስፋት

«ሲሊንደር ውስጥ ያለ ሂሊየም በ1 እና በ3 ሊትር፣ በ100 እና በ200 ኪሎፓስካል መካከል በግፊትና በይዘት ግራፍ ላይ አራት ማዕዘን ዙር ይሠራል። ከላይኛው መስመር በታች ያለውን ስፋት ሳሰላ 400 ጁል አገኛለሁ፤ መልሱ ግን 200 ጁል ነው ይላል። ግማሹ የት ገባ? ብቃቱስ 50 ከመቶ ነው ማለት ነው?»

ወንድሜ፣ 400 ጁል ያልከው ቁጥር ትክክል ነው፤ ግን የዙሩ ሥራ ሳይሆን የአንዱ ጉዞ ብቻ ነው። ጋዙ በ200 ኪሎፓስካል እየገፋ ከ1 ወደ 3 ሊትር ሲሰፋ ለፒስተኑ 400 ጁል ይሰጣል። ሞተሩ ግን እዚያ ቆሞ አይቀርም፤ ፒስተኑ መመለስ አለበት። ሲመለስ ጋዙ በ100 ኪሎፓስካል ይቃወመዋል፤ እሱን ለመጭመቅ ከተሰጠው ሥራ 200 ጁል ይመለሳል። ይህም ከታችኛው መስመር በታች ያለው ስፋት ነው። ትልቁ ላይ ትንሹን ስትቀንስ የሚተርፈው በዙሩ የታጠረው ብቻ ነው። ከታች ወደ ላይ የቆሙት ሁለቱ ጎኖች ይዘት ስለማይለውጡ ሥራ የለባቸውም። ኪሎፓስካል በሊትር ሲባዛ በቀጥታ ጁል ስለሚሰጥ የአሃድ ለውጥ ውስጥ አትግባ።

ለተማሪዎቼ ይህን የማስረዳው ግፊቱን ከከባቢ አየር በላይ ባለው ልክ እንዲለኩ በማድረግ ነው። ከሁሉም ግፊት ላይ 100 ኪሎፓስካል ቀንስ፤ የታችኛው መስመር ዜሮ ላይ ያርፋል፣ የላይኛውም 100 ይሆናል። ከላይኛው በታች ያለው ስፋት ከ400 ወደ 200 ወረደ፤ የታጠረው ስፋት ግን ንቅንቅ አላለም። ግራፍህ ከዜሮ ባይጀምር እንኳ በዙሩ ስፋት ላይ ለውጥ የለም፤ ከመስመር በታች የሚቆጥር ሰው ግን ወዲያውኑ ይሳሳታል።

ወደ ብቃቱ ስንመጣ 50 ከመቶ አይደለም፤ 400 ጁል ሥራ እንጂ የገባ ሙቀት አይደለምና። ሙቀቱን ከግራፉ ስፋት ላይ በቀጥታ ማንበብ አይቻልም፤ የጋዙን ውስጣዊ ኃይል ማወቅ ያስፈልጋል። ሂሊየም ባለ አንድ አቶም ጋዝ ስለሆነ ውስጣዊ ኃይሉ የግፊትና የይዘት ብዜት አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ሙሉውን ግፊት መጠቀም ግዴታ ነው። በአራቱ ማዕዘኖች ከታች ግራ ጀምረህ ወደ ላይ፣ ከዚያም ወደ ቀኝ ብትዞር 150፣ 300፣ 900 እና 450 ጁል ታገኛለህ።

ከ150 ወደ 300 ሲወጣ ሥራ ስለሌለ 150 ጁል ሙቀት ገብቷል። ሲሰፋ ውስጣዊ ኃይሉ በ600 ጁል ጨምሯል፤ በዚያ ላይ 400 ጁል ሥራ ሰጥቷል፤ ስለዚህ 1000 ጁል ገብቷል። በድምሩ 1150 ጁል ማለት ነው። በመመለሻው መንገድ መጀመሪያ 450፣ ቀጥሎ 500 ጁል ይወጣል፤ ድምሩ 950። ከገባው ላይ የወጣውን ብትቀንስ 200 ጁል ይተርፋል፤ ከስፋቱ ጋር ካልገጠመ አንድ ቦታ ተሳስተሃል። ብቃቱ 200 ለ1150፣ ማለትም 17 ከመቶ ገደማ ነው። ብዙዎች ሁለተኛውን 1000 ጁል ብቻ ይወስዱና የመጀመሪያውን 150 ይዘነጋሉ፤ ይህ ብቃቱን 20 ከመቶ ያደርገዋል።

ሌላው የዙሩ አቅጣጫ ነው። ዙሩ እንደ ሰዓት ዘንግ ከዞረ ጋዙ ሥራ ይሰጣል፤ በተቃራኒው ከዞረ እንደ ማቀዝቀዣ ሥራ ይወስዳል። በእውነተኛ ባለ አራት ምት ቤንዚን ሞተር ላይ ይህ በአንድ ሥዕል ውስጥ ይታያል፤ ከትልቁ ዙር ሥር ጭስ ማስወጫውና አየር ማስገቢያው የሚሠሩት ቀጭን ዙር በተቃራኒው ይዞራል። ስፋቱ ይቀነሳል እንጂ አይደመርም። የአየር ማስገቢያው ሲጠብ ይህ ቀጭን ዙር ያብጣል።

ግፊቱን በሴንሰር ስትለካ ደግሞ በጣም የሚያሳስተው ፒስተኑ ከላይ ጫፍ የሚደርስበትን ቅጽበት በትንሽ የዘንግ መዞሪያ ዲግሪ መሳት ነው። ግፊቱ እንደተለካ ቢቀመጥም ከተሳሳተ ይዘት ጋር ስለሚጣመር ስፋቱ ይዛባል። እኔ ስፋቱን ከመቁጠሬ በፊት ሞተሩን ያለ ነዳጅ አዙሬ አያለሁ። የመጭመቂያውና የመስፊያው መስመሮች ተቀራርበው መሄድ አለባቸው፤ ከላይ ጫፉ አካባቢ እንደ መቀስ ከተሻገሩ ቅጽበቱን ሳላስተካክል ምንም ቁጥር አልጽፍም። ያ ተስተካክሎ የምታገኘው ስፋት እንኳ ጋዙ ለፒስተኑ የሰጠው ሥራ ነው፤ ዘንጉ ላይ የሚደርሰው በሰበቃ ምክንያት ከዚያ ያነሰ ይሆናል።