ኳስ ሜዳ ላይ ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ፦ እንጠብቅ ወይስ ሲቲ ስካን?

ጥያቄ፦ «ታናሽ ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው። እሁድ ኳስ ሲጫወት ከሌላ ልጅ ጋር በጭንቅላት ተጋጭቶ ወደቀ፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል ራሱን ስቶ ነበር ይላሉ። ያን ቀን አንዴ አስመለሰው። ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ራስ ምታቱ አልለቀቀውም፣ ብርሃንም ያስጠላዋል። እናቴ እንዳይተኛ እያለች ትቀሰቅሰዋለች። ሲቲ ስካን ይነሣ ወይስ በራሱ ይለቀዋል?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ወንድምሽን አንድ ነገር ጠይቂው። ሕመሙ ከእሁድ ማታው ጋር ሲተያይ ቀንሷል፣ እንዳለ ነው ወይስ ብሷል? ድንገተኛ ክፍል 9 ዓመት በነርስነት ስሠራ ጭንቅላቱን ተመትቶ የመጣን ሰው ደጋግመን የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። «በጣም ያመኛል» ያለ ሁሉ አደጋ ላይ አይደለም፤ «ትንሽ ነው» ያለውም ሁሉ አልተረፈም። ዋናው የሕመሙ አካሄድ ነው።

ለምን እንደሆነ እንድትረጂኝ አንድ ታካሚ ላንሣልሽ። ወጣት ነበር፤ ከጆሮው ፊት ከፍ ብሎ፣ በዓይኑ ጎን በኩል በድንጋይ ተመትቶ በእግሩ እየሄደ ገባ። ስሙን፣ ቀኑን፣ ማን እንደመታው ሳይቀር አስተካክሎ ነገረን። አብሮት የመጣው ወንድሙ «ደህና ነው፣ ይዤው ልሂድ» ቢልም ሐኪሙ አስቆየው። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ራሴን ፈለጠኝ ማለት ጀመረ፤ አስመለሰው፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አስመለሰው። ከዚያ ስጠራው ዓይኑን መግለጥ አቃተው። ዓይኑን ከፍቼ ባትሪ ሳበራበት አንዱ ብሌን ከሌላው ሰፍቷል። በዚያ ቦታ ያለው አጥንት ስስ ነው፤ ከሥሩም የደም ቧንቧ ያልፋል። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ቧንቧው ይቀደድና ደሙ በአጥንቱና በአንጎል ሽፋን መካከል ይጠራቀማል። ራስ ቅል አይለጠጥም፤ ደሙ በበዛ ቁጥር የሚጫነው አንጎልን ነው። እስኪጠራቀም ድረስ ግን ሰውየው ጤነኛ ይመስላል፤ ብዙ ቤተሰብ የሚዘናጋው በዚህ ሰዓት ነው። ያ ልጅ እዚያው ስለነበረ ሲቲ ተነሥቶ ወዲያው ኦፕራሲዮን ተደረገለት፤ ድኖም ወጣ።

ስለዚህ ወንድምሽ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ ወይም ነገር ከተምታታበት፣ አንዱ እጁ ወይም እግሩ ከሰነፈ፣ ንግግሩ ከተሳሰረ፣ ሰውነቱ ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም ከአፍንጫውና ከጆሮው ደም ወይም እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ከወረደ፣ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ይበቃል። መኪና ከሌላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ስትሄዱም ሲቲ ስካን ያለበትን ሆስፒታል ምረጡ፤ የጭንቅላት ራጅ አጥንት እንጂ ደም አያሳይም። «ራጅ ተነሥቶ ደህና ነው ተባለ» ብለው ከሁለት ቀን በኋላ በቃሬዛ የመጡ አይቻለሁ።

ምልክቶቹ ከሌሉ ግን የወንድምሽ ነገር ኮንከሽን የሚባለውን፣ የአንጎል መናወጥን ይመስላል። ምቱ አንጎልን ሲንጠው አሠራሩ ለጊዜው ይዛባል። ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ብርሃንና ጫጫታ ያስጠላል፣ ሐሳብ መሰብሰብ ያቅታል፣ ሰው በትንሹ ይናደዳል። ይህ ሲቲ ላይ አይታይም። የዛሬ 3 ዓመት እኔ ራሴ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ግንባሬ ብረት ላይ አረፈ። ሲቲዬ ንጹሕ ነበር፤ ራስ ምታቱ ግን 5 ሳምንት ቆየ። በሁለተኛው ሳምንት ሥራ ላይ የመድኃኒት መጠን ማስላት ከብዶኝ ሌላ ነርስ እንዲያረጋግጥልኝ እለምን ነበር። «ሲቲው ምንም የለውም፣ አታካብጂ» ያሉኝን አልረሳም፤ ወንድምሽን እንዲህ እንዳትሉት። ንጹሕ ሲቲ የሚለው አይደማም፣ አልተሰበረም ነው እንጂ አላመመህም አይደለም።

ሲቲ ለማን እንደሚያስፈልግ ለመወሰን ብዙ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት በ2001 (እ.ኤ.አ.) ካናዳ ውስጥ የወጣ መመሪያ አለ። ራሱን ስቶ ወይም የሆነውን ረስቶ ለመጣ ሰው የተሠራ ነው። ከተመታ ከ2 ሰዓት በኋላም ሙሉ በሙሉ ካልነቃ፣ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ካስመለሰው፣ የራስ ቅል ስብራት ምልክት ካለው ወይም ዕድሜው 65 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ይነሣል። መኪና የገጨው እግረኛ፣ ከአንድ ሜትር ገደማ በላይ የወደቀና ከምቱ በፊት የነበረውን ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ የማያስታውስም እንዲሁ። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው በዚህ መመሪያ አይለካም፤ ምቱ ቢያንስም መታየት አለበት። ሽማግሌዎች ላይ ደሙ ቀስ ብሎ ሳምንታት ወስዶ ስለሚጠራቀም፣ በር መቃን የመታቸው አባት ከወር በኋላ ሲንገዳገዱና ሲረሱ «እርጅና ነው» እየተባለ ይታለፋል።

ወንድምሽ ወጣት ነው፤ ያስመለሰው አንዴ ነው፤ የተጋጨው ከሰው ጋር ነው። አሁን በደንብ ነቅቶ የሚያወራ ከሆነ በዚህ መለኪያ ሲቲ ግድ አይለውም። ነገር ግን ራሱን ስቶ ነበርና እስካሁን ሐኪም ካላየው ዛሬ ውሰዱት። መመሪያው የተሠራው በመጀመሪያው ቀን ለሚመጣ ሰው ስለሆነ፣ በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ምንም ካልቀነሰ ሐኪሙ ዓይኑን፣ አረማመዱንና የእጅ እግሩን ጉልበት መርምሮ እንዲወስን ይሻላል። አብሮት የነበረ ሰው አብሮ ይሂድ፤ እሱ ራሱ የሳተበትን ደቂቃ መናገር አይችልም።

እናታችሁን ደግሞ በአክብሮት ንገሪልኝ፤ ይተኛ። በደንብ የሚያወራ ሰው እንቅልፍ መከልከል የለበትም፤ እንቅልፍ ማጣት ራሱ ራስ ያሳምማል። የመጀመሪያውን ሌሊት አብሮት ሰው ማደሩና አልፎ አልፎ ማየቱ ጥሩ ነበር፤ አሁን ግን በሥርዓቱ ይተኛ። ማጅራቱን ወጌሻ እንዲያሸው እንዳትፈቅዱ፤ አንገቱም ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊግራም አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ ቢያንስ በ6 ሰዓት ልዩነት፤ የጉበት ችግር ካለበት ግን ሐኪም ይጠየቅ። አስፕሪን፣ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፊናክ መድማትን ስለሚያባብሱ ሐኪም ሳያየው አይውሰድ። ፓራሲታሞሉንም ለሳምንታት በየቀኑ አትስጡት። እኔ እንደዚያ አድርጌ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ሆኖብኝ ነበር፤ ሳቆም ከጥቂት የመረረ ቀናት በኋላ ለቀቀኝ።

ጨለማ ክፍል ውስጥ ሳምንት መተኛት ድሮ ይመከር ነበር፤ አሁን ዕረፍቱ አንድ ሁለት ቀን ነው። ከነገ ጀምሮ በእግሩ ትንሽ ይንሸራሸር፣ ስልክ ማየት ይቀንስ፣ ሕመሙን የሚያብስበትን ነገር ለዚያ ቀን ይተው። አብዛኛው አዋቂ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሻለዋል፤ ወር ካለፈው እንደገና ይታይ።

ኳሱን ግን ለጊዜው ተው በሉት። አንጎሉ ሳያገግም ሁለተኛ ምት ከደረሰበት ከመጀመሪያው እጅግ ሊከፋ ይችላል። ራስ ምታቱ ያለ መድኃኒት ሙሉ በሙሉ ከለቀቀው በኋላ በመጀመሪያ ሶምሶማ፣ ከዚያ ብቻውን በኳስ ልምምድ፣ ከዚያ ከቡድኑ ጋር፤ እያንዳንዱን ቢያንስ አንድ ቀን እያስቆያችሁ። ሕመሙ ከተመለሰ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለስ። ወደ ግጥሚያ ከመግባቱ በፊት ሐኪም ይፍቀድለት፤ ኳስ በቴስታ መምታት የመጨረሻው ይሁን።