ከደመወዝ ተቆርጦ ለፈንዱ ያልገባ መዋጮ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የጡረታ መዋጮ መግለጫዬ ላይ ጠቅላላ ድምሩ ካለፈው ዓመት ከፍ ብሏል። ይህ ሁሉም ወር ለመግባቱ ማረጋገጫ አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም። የጥቂት ወራት መዋጮ ብቻ ቢገባም ድምሩ ማደጉ አይቀርም፤ በመካከሉ ደመወዝ ከተጨመረ ደግሞ ጉድለቱ ይበልጥ ይሸፈናል። ስለዚህ ድምሩን ትተው በየወሩ የተመዘገቡትን መስመሮች ይቁጠሩ። ሲቆጥሩም መዋጮው የሚመለከተውን ወር እና ገንዘቡ ገቢ የሆነበትን ቀን አይቀላቅሉ፤ የጥቅምት መዋጮ በታኅሣሥ ቢከፈልም የሚቆጠረው ለጥቅምት ነው።

ጥያቄ፦ ደመወዜ 12,000 ነው፤ በየወሩ 840 ይቆረጥብኛል። መግለጫው ላይ ግን የዓመቱ መስመሮች 9 ብቻ ናቸው። የሦስት ወር መዋጮ ጠፍቷል ማለት ነው?

መልስ፦ ከላኩልን ቅጂ እንደምንረዳው የጠፋው የሁለት ወር ነው። በመግለጫዎ መሠረት ከእርስዎ 7 በመቶ፣ ከአሠሪዎ ደግሞ 11 በመቶ ይገባል፤ 840 እና 1,320 ሲደመር ለአንድ ወር 2,160 ይሆናል። የታኅሣሥ፣ የጥርና የግንቦት መስመሮች የሉም። ይሁን እንጂ ስምንቱ መስመሮች እያንዳንዳቸው 2,160 ሲሆኑ የሰኔው መስመር 4,320 ነው፤ ይህም የሁለት ወር መዋጮ በአንድ ላይ መከፈሉን ያሳያል። የገባው ሲደመር 21,600 ነው፤ በ12 ወር ሊገባ የሚገባው ግን 25,920 ነበር። ልዩነቱ 4,320 ሲሆን ከዚህ ውስጥ 1,680 የሚሆነው በቀጥታ ከእርስዎ ደመወዝ የተቆረጠ ገንዘብ ነው።

በሰኔው መስመር ላይ የተደረበው የግንቦት ሊሆን እንደሚችል ብንገምትም፣ የታኅሣሥ ወይም የጥር ውዝፍ ሊሆንም ስለሚችል የትኛው ወር እንደሆነ ፈንዱ በጽሑፍ እንዲገልጽልዎ ይጠይቁ። ወሩ ሳይለይ ቢቀር አሠሪው ያንኑ ክፍያ ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው ወር ማስረጃ አድርጎ ሊያቀርበው ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ መስመር መኖሩም ብቻውን አይበቃም። መግለጫው ላይ የእርስዎ ድርሻ 560 ሆኖ የተመዘገበበት ወር ቢኖር፣ 560 የ8,000 ደመወዝ 7 በመቶ ስለሆነ፣ ለዚያ ወር ደመወዝዎ ዝቅ ተደርጎ ተመዝግቧል ማለት ነው። ከደመወዝ ወረቀትዎ ላይ የተቆረጠው 840 ከሆነ ልዩነቱ 280 ነው።

ጥያቄ፦ ገንዘብ ክፍል «ከፍለናል» ብሎ የክፍያ ደረሰኝ አሳየኝ። በእኔ መግለጫ ላይ ግን ያ ወር የለም። ማንን ልመን?

መልስ፦ ደረሰኙ የሚያሳየው ድርጅቱ በጥቅሉ ገንዘብ ማስገባቱን ነው፤ የእርስዎ ድርሻ በውስጡ መኖሩን የሚያሳየው ከክፍያው ጋር አብሮ የሚቀርበው የሠራተኞች ዝርዝር ነው። ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ ስምዎ፣ የመለያ ቁጥርዎና ወሩ የሰፈሩበትን መስመር ለማየት ይጠይቁ። መስመሩ ካለና የመለያ ቁጥሩ አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ገንዘቡ ገብቶ ወደ ሌላ መዝገብ ሄዷል ወይም ባለቤቱ ሳይለይ ተቀምጧል፤ ይህ በእርማት ይስተካከላል። መስመሩ ጨርሶ ከሌለ ግን ለእርስዎ የተከፈለ ነገር የለም። የሥራ ባልደረቦችዎም መግለጫቸውን እንዲያዩ ይንገሯቸው። ያው ወር ከብዙዎች መግለጫ ላይ ከጎደለ ምክንያቱ የአንድ ሰው ቁጥር ስህተት ሊሆን አይችልም፤ እንዲህ ሲሆን አቤቱታውን በጋራ ማቅረብ ይቻላል።

ጥያቄ፦ የቅርብ ጊዜዎቹ ሁለት ወራት መግለጫው ላይ የሉም። አሁኑኑ ልክሰስ?

መልስ፦ አይቸኩሉ። መዋጮ ወሩ ካለቀ በኋላ ተከፍሎ እስኪመዘገብ ጊዜ ስለሚወስድ፣ መጨረሻ ላይ የሚታይ ክፍተት ብዙ ጊዜ መዘግየት ነው። ከኋላው ያሉት ወራት ተመዝግበው መካከል ላይ የቀረ ክፍተት ግን በዚህ አይገለጽም፤ በዚያ ወር ያለ ደመወዝ ፈቃድ ላይ ካልነበሩ በቀር ይጠይቁበት።

ጥያቄ፦ ከሥራው ለቅቄአለሁ፤ የደመወዝ ወረቀቶቼም ጠፍተዋል። የባንክ ስቴትመንት ይበቃኛል?

መልስ፦ ብቻውን ደካማ ነው፤ የሚያሳየው ተቆራርጦ የቀረውን የተጣራ ደመወዝ እንጂ የተቆረጠው ምን እንደሆነ አይደለም። ሆኖም መዋጮ በተመዘገበባቸው ወራት የደረስዎት የተጣራ ክፍያ በጎደሉት ወራት ከደረስዎት ጋር እኩል ከሆነና ጠቅላላ ደመወዝዎ ካልተለወጠ፣ ቅነሳው በጎደሉትም ወራት መቀጠሉን ያመለክታል። የቅጥር ውልዎንና የሥራ ልምድ ደብዳቤዎን አያይዘው፣ የጎደሉትን ወራት በስማቸው ዘርዝረው ለፈንዱ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ አሠሪው የእነዚያን ወራት ፔይሮል እንዲያቀርብም ይጠይቁ። የማመልከቻዎን ቅጂ ገቢ የሆነበት ቀንና ማኅተም አስደርገው ይያዙ፤ የይርጋ ክርክር ቢነሳ በጊዜው ማመልከትዎን የሚያስረዳልዎ ይህ ቅጂ ነው።