የቀጠሮ ማስታወሻ በ70 ፊደል

«በክሊኒካችን የቀጠሮ ማስታወሻ የምልክ እኔ ነኝ። ‹ውድ ደንበኛችን፣ የክትትል ቀጠሮዎ በ5/3 በ8 ሰዓት መሆኑን በአክብሮት እናስታውሳለን። በሰዓቱ ይገኙ።› ብዬ ብጽፍም ሰዎች በተሳሳተ ቀንና ሰዓት ይመጣሉ። መልእክቱን ሳላስረዝም እንዴት ላስተካክለው?»

እኔም ለዓመታት ይህንኑ ሥራ ስሠራ አንዲት እናት «በ8 ሰዓት» የሚለውን ከስልካቸው ሰዓት ጋር አመሳክረው ጠዋት መጥተው ስድስት ሰዓት ጠብቀዋል። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

በግዕዝ ፊደል የተጻፈ አንድ አጭር መልእክት የሚይዘው 70 ምልክት ነው፤ ባዶ ቦታም ነጥብም ይቆጠራል። ከዚያ ካለፈ ለሁለት ተከፍሎ የሁለት መልእክት ሂሳብ ያስከፍላል፤ አንዳንድ አሮጌ ስልክ ላይ ደግሞ ሁለተኛው ክፍል ቀድሞ ይታያል። የእርስዎ መልእክት 65 ምልክት ስለሆነ ይበቃል። ሆኖም 31 ያህሉን ሰላምታና አክብሮት ወስደውታል፤ ቦታው ግን ጨርሶ አልተጻፈም። አክብሮቱን «ቀጠሮዎ» የምትለዋ «ዎ» ብቻዋን ትሸከመዋለች።

እኔ እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«ቀጠሮዎ ዓርብ ኅዳር 5 ከሰዓት በ8:00፣ ዋናው ክሊኒክ 2ኛ ፎቅ ክፍል 14።»

ይህ 49 ምልክት ነው። «5/3» ለአንዱ ኅዳር 5፣ ለሌላው ጥር 3 ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ለሚያነብ ደግሞ ሌላ ቀን ይሆናል። የወሩ ስም ይህን ይዘጋል። የሳምንቱ ቀን ደግሞ መቆጣጠሪያ ነው፦ ቀኑን ያሳሳተ ሰው ዓርብ ከሌላ ቀን ጋር ሲጋጭበት ደውሎ ይጠይቃል። ስለዚህ ዕለቱን በእጅ አስልተው አይጻፉ፤ ከመዝገቡ ቀን ጋር አብሮ ይውጣ። ዕለቱ ከተሳሳተ ባይጻፍ ይሻል ነበር።

«ከሰዓት» የምትለው ቃል አራት ምልክት ናት፤ ከሁሉ በላይ የምትሠራው ግን እርሷ ናት። ከእርሷ ጋር 8:00ን ጠዋት ብሎ ማንበብ አይቻልም፤ በፈረንጅ ሰዓት የሚቆጥር ሰውም የማታ 8:00 ከሰዓት እንደማይባል ያውቃል።

«ነገ» የሚለውን ቃል ፈጽሞ አይጠቀሙ። ስልኩ ተዘግቶ ከነበረ መልእክቱ ሲከፈት ነው የሚደርሰው፤ ያኔ «ነገ» ዛሬ ሆኗል።

በ«ዋናው ክሊኒክ» ፈንታ በር ላይ ያለው ሰሌዳ የሚለውን ስም ይተኩ፤ ከሁለት ቃል ከበለጠ ያሳጥሩ። የሕክምናውን ዓይነት አይጥቀሱ፤ ስልኩን ሌላ ሰው ሊያነበው ይችላል፤ የክፍል ቁጥር ይበቃል።

ሲቆጥሩ በረጅሙ ይቁጠሩ። «ማክሰኞ መስከረም 25 ከሰዓት በ10:30» ሲሆን መልእክቱ 54 ይደርሳል። የቀረው 16 ለአንድ ባዶ ቦታና ባለ 10 አሃዝ ስልክ ቁጥር ይበቃል። የታካሚውን ስም ለመጨመር ግን አምስት ምልክት ብቻ ነው የሚተርፈው፤ ስለዚህ እኔ ስሙን ትቼ ስልኩን እመርጣለሁ።